መዥገሩ ያለው ውሻው ላይ ብቻ አይደለም

እ.ኤ.አ. በ2003 በአሜሪካ፣ በምሥራቅ አሪዞና ያሉ ሐኪሞች ያልጠበቁት በሽታ ገጠማቸው። «የሮኪ ተራሮች ነጠብጣብ ትኩሳት» የሚባለው ይህ ሕመም ቀደም ሲል በዚያ አካባቢ እምብዛም አይታይም ነበር። የሚያስተላልፉትም የሣርና የጫካ መዥገሮች እንደሆኑ ነበር የሚታመነው። ምርመራው ግን ጫካ ሳይሆን ሰው የሚኖርበት ግቢ ውስጥ ገባ። በሽታውን ያዛመተው በየደጁ ከሚዞሩ ውሾች ላይ የማይጠፋው ቡናማ የውሻ መዥገር ሆኖ ተገኘ። በቀጣዮቹ ዓመታት በአካባቢው የነባር አሜሪካውያን መንደሮች ውስጥ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች ታመሙ፤ የሞቱም አሉ።

ይህ መዥገር ኢትዮጵያን ጨምሮ በሞቃታማ አገሮች ሁሉ ውሻ ባለበት ይገኛል። ከሌሎቹ የሚለየው ዕድሜውን በሙሉ ከሰው ቤት ሳይርቅ መጨረስ መቻሉ ነው። ሴቷ ከውሻው ደም ጠጥታ የአተር ፍሬ ስታክል ትወርድና የግድግዳ ስንጥቅ ወይም የውሻ ቤቱን ጣውላ መጋጠሚያ ፈልጋ እስከ አራት ሺህ የሚደርስ እንቁላል ትጥላለች። ከእንቁላሉ የሚወጡት ባለ ስድስት እግር ጥቃቅን መዥገሮች ውሻው ላይ ወጥተው ይመገባሉ፤ ከዚያ ወርደው ቆዳቸውን ይቀይራሉ። ለአቅመ መራባት እስኪደርሱ ድረስ ይህን መውጣትና መውረድ ይደጋግሙታል። መዥገሮቹ ወደ ላይ መውጣት ስለሚወዱ በግድግዳና በመጋረጃ ላይ ሲሄዱ ይታያሉ። ያደገው መዥገር ምንም ሳይቀምስ ከዓመት በላይ መቆየት ይችላል።

ባለቤቱ ውሻውን አጥቦ፣ መዥገሩን ለቅሞ ሲጨርስ በሳምንቱ እንደገና የሚያየውም ለዚህ ነው። ያጸዳው ውሻውን እንጂ ስንጥቁን አይደለም።

በአሪዞና እ.ኤ.አ. በ2012 የተጀመረው ዘመቻ ሁለቱን አንድ ላይ ያዘ። ከአምስት መቶ በላይ ቤቶች ባሉበት መንደር፣ ለእያንዳንዱ ውሻ ለወራት የሚሠራ ፀረ መዥገር የአንገት ማሰሪያ ታሰረለት፤ ግቢዎቹም መዥገር በሚበዛባቸው ወራት በተደጋጋሚ መድኃኒት ተረጩ። በኋላ ሲታይ መዥገር የተገኘባቸው የመንደሩ ውሾች ከመቶ አንድ አይሞሉም ነበር፤ ዘመቻው ባልደረሰበት አካባቢ ግን ከመቶ 64ቱ መዥገር ነበረባቸው። አንድ ጊዜ ረጭቶ መተው አይበቃም፤ እንቁላሉ ከርጭቱ ሊተርፍና ቆይቶ ሊፈለፈል ይችላል። ለከብት የተዘጋጀ መድኃኒትን በግምት በጥብጦ ውሻ ላይ ማፍሰስ ደግሞ ውሻውን ይመርዘዋል፤ መጠኑን የእንስሳት ሐኪም ነው የሚወስነው። ድመት ባለበት ቤት ፐርሜትሪን ያለበት የውሻ መድኃኒት ለድመቷ ገዳይ ነው።

መዥገሩ ለውሻውም በሽታ ያመጣል። ኤርሊኪያ የተባለው ተህዋስ የያዘው ውሻ ያተኩሰዋል፣ ምግብ ይተዋል፣ ይከሳል፤ ሲብስበት በአፍንጫው ደም ይፈሳል። ባቤዚያ ቀይ የደም ሕዋሳትን ስለሚያፈርስ ድዱ ይነጣል፣ ሽንቱ ይጠቁራል። ውሻን በየቀኑ ሲፈትሹ ጆሮውን ከውስጥም ከውጭም፣ የጣቶቹን መሃል፣ አንገቱንና ብብቱን በእጅ ዳብሶ ማየት ያስፈልጋል።

ከሰውም ሆነ ከውሻ ቆዳ ላይ መዥገር ለመንቀል ጫፉ ቀጭን የሆነ ወረንጦ ይበቃል። ፀጉሩን ገለጥ አድርጎ መዥገሩን ከሆዱ ሳይሆን ከአፉ፣ ቆዳውን ሊነካ እስኪደርስ ተጠግቶ መያዝ ነው። ከዚያ ሳይጠመዝዙና ሳይመነጭቁ፣ በእኩል ኃይል ቀጥ አድርጎ ወደ ላይ መሳብ። ቆዳው ትንሽ ተነሥቶ ይከተላል፤ መዥገሩ እስኪለቅ ታግሦ መጎተት ነው። የአፉ ስባሪ ከቀረ በወረንጦ በቀላሉ ከወጣ ይውጣ፤ እምቢ ካለ ግን ቆዳውን መቆፈር ቁስል ከማብዛት በቀር ጥቅም የለውም። ቦታውንና እጅን በሳሙናና በውኃ ወይም በአልኮል ማጠብ ይገባል። የተነቀለውን በጣት ማፍረጥ አይገባም፤ አልኮል ውስጥ መጨመር ይሻላል።

ብዙዎች ክብሪት ያስጠጉበታል፣ ነጭ ጋዝ ወይም ቫዝሊን ይቀቡታል። ይህ መዥገሩን ቶሎ አያስለቅቀውም፤ ተረብሾ የያዘውን ተህዋስ ወደ ቁስሉ እንዲለቅም ሊያደርገው ይችላል።

ከተነከሱ በኋላ ባሉት ሳምንታት ትኩሳት፣ ኃይለኛ ራስ ምታት፣ ሽፍታ ወይም በንክሻው ቦታ ጥቁር ቅርፊት ከታየ ሐኪም ዘንድ መሄድና መዥገር መነከስን በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። የነጠብጣብ ትኩሳት መድኃኒቱ ዶክሲሳይክሊን ነው። ሐኪሙ ከጠረጠረ የላብራቶሪ ውጤት ሳይጠብቅ ያስጀምረዋል፤ ምልክቱ በታየ በመጀመሪያዎቹ አምስት ቀናት ካልተጀመረ የመሞት አደጋው ይጨምራልና።