ውድቀትን በድኅረ ምረቃ ማመልከቻ ውስጥ መጻፍ፦ በአንድ የዘመን አቆጣጠር ስሕተት ማሳያነት

በድኅረ ምረቃ ማመልከቻ ውስጥ ስለ ምርምር ውድቀት የሚጻፍ አንቀጽ ብዙ ጊዜ የሚደክመው ውድቀቱ በመገለጡ ሳይሆን ትምህርቱ ረቂቅ ሆኖ በመቅረቱ ነው። «ከዚህ ስሕተት ጥንቃቄን ተምሬአለሁ» የሚል ዐረፍተ ነገር ለማንኛውም ስሕተት ስለሚስማማ ለገምጋሚው የሚነግረው ነገር የለም።

ለማሳያ ያህል፣ ለሁለተኛ ዲግሪዋ የሕፃናትን መቀንጨር ያጠናች አንዲት የሦስተኛ ዲግሪ አመልካች ትታሰብ። የሕፃናቱ ልደት በክትባት ካርድ ላይ የተጻፈው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲሆን፣ ቁመታቸው የተለካበት ቀን ግን የተመዘገበው በጎርጎርዮሳዊው ነበር። አመልካቿ ልደቱን ስትለውጥ በዓመቱ ላይ 8 ደመረች፤ የወሩንና የቀኑን ቁጥር ግን እንዳለ ተወችው። በዚህም ጥር 10 ቀን 2013 ዓ.ም. የተወለደ ሕፃን፣ ልደቱ ጃንዋሪ 18 ቀን 2021 መሆን ሲገባው ሜይ 10 ቀን 2021 ሆነ። ልዩነቱ 112 ቀን ነው። መቀንጨር የሚለየው ቁመትን ከዕድሜ ጋር በማነጻጸር ስለሆነ፣ ሕፃናቱ ከዕድሜያቸው አንሰው ሲቆጠሩ የቀነጨሩት ቁጥር ከእውነቱ ያነሰ መሰለ።

ይህ በማመልከቻው ውስጥ እንደሚከተለው ሊጻፍ ይችላል፦

«ልደቶቹን ስለውጥ ወሩን ሳላስተካክል በዓመቱ ላይ ብቻ 8 ደመርሁ። የአንዳንድ ሕፃናት ዕድሜ ከዜሮ በታች ሲሆን የምዝገባ ስሕተት ነው ብዬ መዝገባቸውን አስወጣሁ። አማካሪዬ የወጡት መዝገቦች ምን እንደሚያመሳስላቸው ጠየቁኝ፤ ሁሉም ከልኬቱ በፊት በነበሩት አራት ወራት ውስጥ የተወለዱ ነበሩ። ትንታኔውን ከመነሻው ደገምሁት፤ ምረቃዬም በአንድ ሴሚስተር ዘገየ። ከዚያ ወዲህ ሊሆን የማይችል ቁጥር የያዘን መዝገብ ምክንያቱን ሳላውቅ አላስወጣም።»

ጽሑፉ ዋናውን ጥፋት በትክክል ለይቷል። የቀን አለዋወጡ የመነሻ ስሕተት ነው፤ ከባዱ ግን ስሕተቱን የሚጠቁመውን ምልክት አስወግዶ ማለፍ ነው። ትምህርቱ ከዚህ ውሳኔ ስለመነጨ ለሌላ ውድቀት ሊዋስ አይችልም።

የድምፁ እርጋታ የሚመጣው ከግሦቹ ነው። «ደመርሁ»፣ «አስወጣሁ» የሚሉት ድርጊቱን ለባለቤቱ ይሰጣሉ፤ «ስሕተት ተፈጥሮ ነበር» የሚለው ግን ባለቤቱን ይሰውራል። «አሳፋሪ»ን የመሰለ ቅጽል ቢጨመር ጽሑፉ ወደ ኑዛዜ ያዘነብላል፤ መረጃ ሰብሳቢዎች ቢወቀሱ ደግሞ ወደ ክስ። የመዘግየቱ ዋጋ በአንድ ሐረግ ተነግሮ ማለፉ ይበቃል።

የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ግን ማስረጃ ይሻል። አመልካቿ በኋለኛ ሥራዋ የወጡ መዝገቦችን ከነምክንያታቸው የያዘ ሰነድ ካላት፣ በቃለ መጠይቅ ስትጠየቅ ታሳያለች። ከሌላት አንቀጹን በእርማቱ ላይ ብታቆመው ይሻላል፤ ያልተሠራበት ትምህርት በመጀመሪያው ጥያቄ ይጋለጣልና።