ምሳሌያዊ አነጋገርን በሁለት ቃል መያዝ

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውን እናሳጥር። «ቀስ በቀስ» ብቻ ካስቀረን ተራ ተውሳከ ግስ ይሆናል፤ ሰሚው ምሳሌ መስማቱን አያውቅም። «እንቁላል በእግሩ» ስንል ግን ጥምረቱ ሌላ ቦታ ስለማይገኝ ቀሪው በራሱ ይመጣል።

«የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» በሚለውም «የአህያ ባል» ይበቃል፤ ጅቡ ሳይጠራ ይታሰባል። «ከጅብ አያስጥልም» ብንል ስለ ደካማ አጥርም ሊነገር ይችላል፤ በስም ብቻ ጠባቂ የሆነው ሰው ከምስሉ ይጠፋል።

አጭሩ የሚሠራው ሙሉውን ለሚያውቅ ብቻ ነው። ጢቾን በመሰለ ከተማ አፉን በኦሮምኛ የፈታ ተማሪ «የአህያ ባል» ሲባል ስድብ ሊመስለው ይችላል። እኔ ራሴ አንድ ተማሪ በዚህ ሲያኮርፍ ካየሁ ወዲህ መጀመሪያ ሙሉውን እናገራለሁ፤ የማሳጥረው ከዚያ በኋላ ነው።