ለአንድ ስልክ ቁጥር ስንት ይከፈላል?

የኢንተርኔት ማስታወቂያ ሊጀመር ሲል ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚነሣው ጥያቄ «ጥሩ ሲቲአር ስንት ነው?» የሚል ነው። ጠያቂው በሌላ አገርና በሌላ ገበያ የተሰላ አማካይ ፈልጎ ያገኝና በዚያ ላይ ዕቅዱን ይሠራል። እኔ ግን ግቡ ከራስ ደብተር ቢወጣ እመርጣለሁ። ሒሳቡ ደንበኛው ገንዘብ ከሚከፍልበት ቦታ ይነሣና ወደ ኋላ ይሄዳል።

አዲስ አበባ ውስጥ ፒችትሪ የሚያስተምር አንድ ማሠልጠኛ እናስብ። ክፍያው 6,000 ብር ነው እንበል። ለአስተማሪ፣ ለኪራይና ለሰርተፍኬት በአንድ ተማሪ 4,000 ብር ይወጣል። ከቀረው 2,000 ብር ባለቤቱ ግማሹን ለትርፍ ይፈልገዋል። ስለዚህ አንድ ተማሪ ለማምጣት ለማስታወቂያ የሚያወጣው ከ1,000 ብር ማለፍ የለበትም።

ቀጥሎ የምዝገባው ደብተር ይታያል። ባለፈው ዙር ስልካቸውን ከተዉ 120 ሰዎች የተመዘገቡት 12 ከሆኑ፣ ከአሥር አንድ ማለት ነው፤ የአንድ ስልክ ቁጥር፣ በሙያው አነጋገር የአንድ ሊድ፣ ጣሪያ 100 ብር ይሆናል። ገጹን ከከፈቱ 100 ሰዎች 8ቱ ፎርሙን ከሞሉ፣ ኮንቨርዥኑ 8 በመቶ ነውና ለአንድ ክሊክ ከ8 ብር በላይ መክፈል አያዋጣም። ማስታወቂያው 1,000 ጊዜ ታይቶ 10 ጊዜ ከተነካ ደግሞ ሲቲአሩ 1 በመቶ ነው። አሥሩ ክሊክ ሲደመር ለሺህ እይታ 80 ብር ይመጣል።

አሁን ይህ 80 ብር ከእውነተኛው ዋጋ ጋር ይነጻጸራል። ያለፈው ዘመቻ ለሺህ እይታ 120 ብር አስወጥቶ ከነበረ፣ ክሊኩ 12 ብር፣ ሊዱ 150 ብር፣ ተማሪው 1,500 ብር ሊሆን ነው። የባለቤቱ ትርፍ በግማሽ ይቀንሳል፤ ይህን ደግሞ አንድ ብር ሳይወጣ በፊት ማወቅ ይቻላል።

ክፍተቱን በሲቲአር ብቻ ለመዝጋት ከ1 ወደ 1.5 በመቶ መውጣት ያስፈልጋል። በአንድ ጊዜ ይህን ያህል መዝለል ይከብዳል። እኔ የምጀምረው ከስልኩ ነው፤ ቁጥሩን ትቶ በሦስተኛው ቀን የተደወለለት ሰው ብዙ ጊዜ ሌላ ቦታ ተመዝግቧል። በዚያው ቀን እየተደወለ ከ100 ሊድ 12 ቢመዘገብ የሊዱ ጣሪያ 120 ብር ይሆናል። ከዚያ በኋላ ሲቲአሩ 1.25 በመቶ ቢደርስ ይበቃል፤ ክሊኩ 9 ብር ከ60 ሳንቲም ይሆንና ሒሳቡ ይገጥማል። ከሁለት ቦታ ጥቂት ጥቂት መጠየቅ ከአንድ ቦታ ብዙ ከመጠበቅ ይሻላል።

አኃዙ ከየት እንደተነበበ ማጣራትም ግድ ነው። የፌስቡክ ማስታወቂያ መቆጣጠሪያ CTR (all) ብሎ የሚያሳየው ላይክ የተጫኑትንና ጽሑፉን ለመዘርጋት የነኩትንም ጨምሮ ነው። ለሒሳባችን የሚያስፈልገው ግን ሊንኩን የነኩት ብቻ ናቸው፤ እሱም CTR (link click-through rate) በሚለው ሥር ይገኛል። የነኩት ሁሉ ደግሞ ገጹ ላይ አይደርሱም። ኔትወርኩ ሲንቀራፈፍ ገጹ ሳይከፈት የሚመለሰው ብዙ ነው። Landing page views ከሊንክ ክሊኩ በጣም ካነሰ፣ ማስታወቂያውን ከመቀየር ይልቅ በገጹ ላይ ያሉትን ከባድ ፎቶዎች ማቅለል ይቀድማል።

እዚያው ፌስቡክ ላይ የሚከፈተው ፎርም ሌላ ጉዳይ አለው። የሰውየውን ስምና ስልክ ራሱ ስለሚሞላ ሊዱ ይረክሳል፤ ነገር ግን ሳያስብበት የላከው ሰው ይበዛና የሚመዘገበው ድርሻ ይወርዳል። ለእሱ ጣሪያው እንደገና ይሰላል እንጂ 120 ብሩ እንዳለ አይወሰድም።

ማስታወቂያው የሚከፈለው በዶላር ከሆነ ጣሪያውን በዶላርም መጻፍ ይበጃል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ከተተወ ወዲህ በብር ብቻ የተጻፈ ግብ፣ ማስታወቂያው ሳይበላሽ የከሸፈ ሊመስል ይችላል። የትምህርቱ ክፍያ የሚሰበሰበው በብር ነውና ምንዛሪው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ሒሳቡ ይከለሳል።

የቀረው መቼ እንደሚፈረድ መወሰን ነው። በ8 በመቶ ግብ 200 ክሊክ ላይ 16 ሊድ ይጠበቃል። 11 ወይም 21 ቢመጣ በአጋጣሚ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ በዚያ ተደናግጦ ማስታወቂያ ማቋረጥም፣ ተደስቶ በጀት መጨመርም ትክክል አይደለም። 6 ወይም ከዚያ በታች ከመጣ ግን አጋጣሚ ነው ለማለት ይከብዳል፤ ወጪው ይቁምና ገጹና ፎርሙ በርካሽ ስልክ ተከፍተው ይፈተሹ። ስለዚህ ባለቤቱ ከመጀመሩ በፊት ደብተሩ ላይ የሚያሰፍረው ሲቲአር 1.25 በመቶ፣ ኮንቨርዥን 8 በመቶ፣ ሊድ እስከ 120 ብር የሚለውን ነው፤ ከሥሩም የመጀመሪያው ፍተሻ 200 ክሊክ ሲሞላ፣ ማለትም 1,920 ብር ገደማ ሲወጣ እንደሚደረግ ይጽፋል።