24ቱ ፓኬት የት ገባ?

የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ሲዘጋ የሆስፒታሎች መድኃኒት መጋዘን ይቆጠራል። አንድ ምሳሌ እንውሰድ። የአሞክሲሲሊን 500 ሚሊግራም ቢን ካርድ 240 ፓኬት ይላል፤ መደርደሪያው ላይ የተገኘው ግን 216 ነው። አቋራጩ መንገድ ካርዱ ላይ 216 ብሎ ጽፎ መፈረም ነው። እንዲህ ከተደረገ ግን ጉድለቱ ከየት እንደመጣ ማወቂያው አብሮ ይጠፋል።

ልምድ ያለው ሠራተኛ ካርዱን ከመንካቱ በፊት የመጀመሪያውን ውጤት በማያውቁ ሰዎች እንደገና ያስቆጥራል። ልዩነቱ ከጸና ወደ ሰነድ ይሄዳል። በምሳሌያችን 18 ፓኬት ሰኔ 29 ከሰዓት በኋላ ለድንገተኛ ክፍል በሞዴል 22 ወጥቷል፤ ካርዱ ላይ ግን አልተቀነሰም። ይህ የዘገየ ምዝገባ ነው፤ በሰነዱ ቁጥር ይወራረዳል እንጂ ማስተካከያ አያስፈልገውም። ሌላ 4 ፓኬት ጣሪያው አፍስሶበት ረጥቦ ጥግ ተቀምጧል፤ ቆጣሪዎቹ አልቆጠሩትም። እሱም አልጠፋም፤ በብልሽት መዝገብ ሰፍሮ እስኪወገድ ተቆልፎበት ይቀመጣል። ምክንያት ያልተገኘለት 2 ፓኬት ብቻ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ፈተና አለ። የ250 ሚሊግራሙ መደርደሪያ 2 ፓኬት ትርፍ ቢያሳይስ? «ተቻችሏል» ብሎ ማለፍ ደስ ይላል፤ አደጋው ግን ከገንዘቡ ይበልጣል። 250 ተብሎ የተመዘገበው 500 ሆኖ ወጥቶ ከሆነ፣ መጠኑ እጥፍ የሆነ መድኃኒት የወሰደ በሽተኛ ሊኖር ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ የወጪ ሰነዶቹ ይመረመራሉ። ማስረጃ ካልተገኘ ጉድለቱም ትርፉም ለየብቻው ይመዘገባል።

2ቱን ፓኬት ከመዝገብ እንዲሰረዝ ማን ይወስን? ዕቃው በእጁ ያለ ንብረት ያዥ በፍጹም አይደለም፤ የቆጠረውም ኮሚቴ አይደለም። ኮሚቴው ያገኘውን በቃለ ጉባኤ ይጽፋል፣ የፋርማሲ ኃላፊው ምክንያቱን መርምሮ አስተያየት ይሰጣል፣ የተቋሙ የበላይ ኃላፊ ወይም በመመሪያ ሥልጣን የተሰጠው ሰው ያጸድቃል። ካርዱና ሒሳቡ የሚስተካከሉት ከፊርማው በኋላ ነው። የስርቆት ጥርጣሬ ካለ ደግሞ ምርመራው ሳያልቅ ስረዛ አይታሰብም።

አንዳንዶች ይህን ሁሉ ሽሽት ጉድለቱን «ወጪ» አድርገው ይጽፋሉ። ያኔ መጋዘኑ ያጣው ዕቃ በሽተኛ የተጠቀመበት ይመስላል። ሆስፒታሎች በየሁለት ወሩ በሚልኩት የሪፖርትና የመጠየቂያ ቅጽ ላይም ፍጆታው ያብጣል፤ ቀጣዩ ጥያቄ በዚያው ልክ ይጨምራል። ቅጹን የምትፈርሙ ኃላፊዎች፣ የብክነትና የማስተካከያ ዓምዱ ሁልጊዜ ዜሮ ሆኖ ከመጣላችሁ ከመፈረማችሁ በፊት ቢን ካርዱን አስመጡና እዩ።