ለዓምድ የሚበቃውን ሲሚንቶ ስለ መቍጠር

በባሕር ዳርና በጣና ዳር የትምህርት ቤት ዓምድ የሚያስቆም ሰው፥ ሲሚንቶ ከመግዛቱ አስቀድሞ የዓምዱን ይዘት ማወቅ ይገባዋል። ይዘቱም የሚገኘው ወርዱን በጎኑ፥ ያንንም በቁመቱ በማባዛት ነው፤ ልኩ ሁሉ በሜትር ይሁን።

ቁመት የሚባለው ከመሬት በላይ የሚታየው ብቻ አይደለም። ጥቁር ዋልካ ሲረጥብ የሚያብጥ፥ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ ስለ ሆነ መሠረቱ በጥልቅ ይቈፈራል፤ በምድር ውስጥ ያለውም የዓምዱ ክፍል አብሮ ይቈጠራል።

ለምሳሌ ወርዱም ጎኑም 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ ዓምድ ከመሬት በላይ 3 ሜትር፥ በታች 1 ሜትር ቢኖረው ቁመቱ 4 ሜትር ነው። 0.30 በ0.30 ሲባዛ 0.09፤ ይህም በ4 ሲባዛ 0.36 ሜትር ኩብ ይሆናል። አንድ እጅ ሲሚንቶ፥ ሁለት እጅ አሸዋና ሦስት እጅ ጠጠር ለሚቀላቀልበት ሥራ፥ ለአንድ ሜትር ኩብ ባለ 50 ኪሎ ከረጢት 7 ያህል ይገባል። ስለዚህ ለአንዱ ዓምድ 2.52፥ ለአራት ዓምዶች 10.08 ከረጢት ያስፈልጋል፤ ለሚባክነው ከመቶ 5 ሲጨመርበት 10.58 ስለሚደርስ 11 ይገዛል።

የሚታየውን 3 ሜትር ብቻ የቈጠረ ሰው ግን 8 ከረጢት ገዝቶ በሥራው መካከል ያልቅበታል። የፊተኛው ከደረቀ በኋላ የኋለኛው ቢፈስበት በደኅና አይዋሐድም፤ ዓምዱም በመጋጠሚያው ላይ ይደክማል።