የሰረዝነው ሰብስክሪፕሽን በሚቀጥለው ወር ለምን ያስከፍለናል?

ሰብስክሪፕሽን ሰርዞ ያረፈ ሰው በሚቀጥለው ወር ያው ሒሳብ ከካርዱ ላይ ተቆርጦ ሲያገኘው መጀመሪያ የሚመጣበት ሐሳብ «ተጭበረበርኩ» የሚል ነው። አንዳንዴም ልክ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ነገሩ የሚበላሸው በቀን አቆጣጠር ነው። ደንበኛው የሰረዘበት ቀን፣ ውሉ ያበቃል የሚለው ቀንና ባንኩ ክፍያውን የሚመዘግብበት ቀን ሦስት የተለያዩ ቀኖች ሊሆኑ ይችላሉ። ስለዚህ ስልክ አንስቶ ከመሟገት በፊት መልስ ማግኘት ያለበት ጥያቄ አንድ ነው፤ ይህ ገንዘብ ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን ላለው አገልግሎት ነው የተቆረጠው?

የፊልም፣ የሙዚቃና የስልክ መተግበሪያ ሰብስክሪፕሽኖች በአብዛኛው እንደ ቤት ኪራይ ቅድሚያ የሚከፈሉ ናቸው። በወሩ በ12 የተመዘገበ ሰው በየወሩ በ12 ይከፍላል፤ የሚከፍለውም ላለፈው ወር ሳይሆን ለሚመጣው ነው። ይህ ቀን ከቀን መቁጠሪያው ወር መጀመሪያ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። በ31 የተመዘገበ ሰው ደግሞ 31 ቀን በሌላቸው ወራት አብዛኛውን ጊዜ በወሩ የመጨረሻ ቀን ይከፍላል፤ በፌብሩዋሪ ክፍያው «ቀድሞ» የመጣ የሚመስለውም ለዚህ ነው።

በዚህ አሠራር መሰረዝ ማለት ቀጣዩን እድሳት ማስቆም ማለት ነው እንጂ የተከፈለውን ማስመለስ አይደለም። በ12 ተቆርጦበት በ14 የሰረዘ ሰው በአብዛኞቹ ድርጅቶች ዘንድ እስከሚቀጥለው ወር 12 ድረስ ይጠቀማል እንጂ ገንዘቡ አይመለስለትም። በስክሪኑ ላይ የሚታየው ጽሑፍም ይህንኑ ይናገራል። Renews የሚል ቃልና ቀን ካለ ክፍያው ገና ይቀጥላል፤ Expires የሚል ካለ እድሳቱ ቆሟል፣ አገልግሎቱ በተጻፈው ቀን ያበቃል። ሰርዣለሁ ያለ ሰው መጀመሪያ ማየት ያለበት ይህንን መስመር ነው። ብዙ ድርጅቶች «እርግጠኛ ነዎት?» ብለው ደጋግመው ይጠይቃሉ፣ ቅናሽም ያቀርባሉ። ከእነዚህ ገጾች አንዱ ላይ አቋርጦ የወጣ ሰው የሰረዘ ይመስለዋል፤ የመጨረሻውን ቁልፍ ግን አልተጫነም።

የነጻ ሙከራ ጊዜ ላይ ልዩነቱ በሰዓት ደረጃ ይወርዳል። አፕል የነጻ ወይም የቅናሽ ሙከራ መቀጠል የማይፈልግ ደንበኛ ሙከራው ከማለቁ ቢያንስ 24 ሰዓት ቀደም ብሎ እንዲሰርዝ ይመክራል። «በመጨረሻው ቀን እሰርዘዋለሁ» ብሎ የቆየ ሰው ዘግይቷል ማለት ነው። የሰዓት ልዩነትም አለ። ብዙ ሲስተሞች ቀኑን የሚቆጥሩት በዓለም አቀፉ ሰዓት በUTC ነው። በበጋ ዋሽንግተን ላይ 20:00 ሲሆን በUTC ሌሊቱ ተጋምሶ ቀጣዩ ቀን ገብቷል፤ አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። ዋሽንግተን ያለው ልጅ በራሱ ካርድ ለአዲስ አበባ ቤተሰቡ የከፈተውን ሰብስክሪፕሽን በእድሳቱ ዋዜማ እራት በልቶ ሲሰርዝ፣ በሲስተሙ አቆጣጠር የእድሳቱ ቀን ላይ ደርሷል። ሁለት ሦስት ቀን ቀድሞ መሰረዝ ይህን ሁሉ ያስቀራል። አገልግሎቱ እስከ ዙሩ መጨረሻ የሚቀጥል ከሆነም ቀድሞ መሰረዝ የሚያሳጣው ነገር የለም። አንዳንድ የነጻ ሙከራዎች ግን በተሰረዙበት ቅጽበት ይዘጋሉና ይህን አስቀድሞ ማንበብ ይገባል።

ነገሩ ይበልጥ የሚወሳሰበው ቅድመ ማስታወቂያ የሚጠይቅ ውል ሲመጣ ነው። በአሜሪካ ብዙ ጂሞች እንዲህ ናቸው። አንዲት ደንበኛ በወር 30 ዶላር ትከፍላለች እንበል፤ ገንዘቡ በየወሩ በ15 ከባንክ ሒሳቧ በቀጥታ ይወሰዳል፣ ውሉም የ30 ቀን ቅድመ ማስታወቂያ ይጠይቃል። ሜይ 28 ወደ ጂሙ ሄዳ ፎርም ሞልታ ሰረዘች። ጁን 15 ሌላ 30 ዶላር ተቆረጠባት።

ቀኖቹን እንቁጠር። ከሜይ 28 ጀምሮ 30 ቀን ሲቆጠር ጁን 27 ላይ ይደርሳል። አባልነቷ በውሉ መሠረት እስከዚያ ቀን ሕያው ነው። ጁን 15 የመጣው ክፍያ ከዚህ በፊት ስለሆነ በውሉ ውስጥ ነው፤ ብትከራከር የምታሸንፍበት ዕድል ጠባብ ነው። መጠየቅ የምትችለው ከጁን 27 በኋላ ላሉት ቀናት ተመላሽ ይሰጥ እንደሆነ ነው። ይህም በውሉ የሚወሰን ነው፤ አንዳንዱ በቀን አስልቶ ይመልሳል፣ አንዳንዱ አይመልስም። የጁን 15ን ክፍያ ለማስቀረት ፎርሙን እስከ ሜይ 15 ማስገባት ነበረባት። ያሳለፈቻቸው 13 ቀናት አንድ ሙሉ ወር አስከፈሏት። ጁላይ 15 ላይ እንደገና ከተቆረጠባት ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ አባልነቱ ካበቃ 18 ቀን ሆኖታል፣ ያ ክፍያ ስሕተት ነው። ውሉ ከወርሃዊው በተጨማሪ ዓመታዊ ክፍያ ካለውም ያኛው የራሱ ቀን አለውና ለብቻው ማየት ያስፈልጋል።

ከዚህም የባሰው የዓመት ውል ሆኖ በየወሩ የሚከፈለው ነው። በየወሩ ስለሚቆረጥ የወር ይመስላል፤ የተገባው ቃል ግን የ12 ወር ነው። የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን በጁን 2024 አዶቤን የከሰሰው በዚህ ዓይነቱ ዕቅድ ላይ ነው። ኮሚሽኑ ክስ ያቀረበው ድርጅቱ በመጀመሪያው ዓመት ለሚሰርዝ ደንበኛ ከቀሪው ክፍያ 50 በመቶውን እንደሚጠይቅ በግልጽ አላሳወቀም ብሎ ነው።

ቀኑ ትክክል ሆኖም ክፍያው የሚመጣበት ጊዜ አለ፤ ይህ የሚሆነው የተሰረዘው የተሳሳተ ቦታ ላይ ሲሆን ነው። መተግበሪያውን ከስልክ ላይ ማጥፋት ሰብስክሪፕሽኑን አያጠፋም። በአይፎን በኩል የተከፈተ ሰብስክሪፕሽን ገንዘቡን የሚሰበስበው አፕል ነው፤ ስለዚህ የሚሰረዘውም በስልኩ Settings ውስጥ ስምን ተጭኖ Subscriptions በሚለው ስር ነው። በጉግል ፕሌይ የተከፈተውም እዚያው ጉግል ፕሌይ ላይ ይሰረዛል። የባንክ ስቴትመንቱን ማየት እዚህ ላይ ይጠቅማል። የአስከፋዩ ስም አፕል ወይም ጉግል ከሆነ የሚኬደው ወደ እነሱ ነው፣ የራሱ የድርጅቱ ስም ከሆነ ወደ ድርጅቱ። ሁለት ኢሜይል ያለው ሰው በአንደኛው ሰርዞ በሌላኛው የተከፈተውን ሳያስታውስ ሊቀርም ይችላል።

ካርድ መቀየርም መፍትሔ አይደለም። ቪዛና ማስተርካርድ አዲሱን የካርድ ቁጥርና የማብቂያ ቀን ለነጋዴው የሚያደርስ አገልግሎት አላቸው። ባንኩ በዚህ አሠራር ውስጥ ካለ፣ አሮጌው ካርድ ላይ የነበረው ሰብስክሪፕሽን አዲሱን ተከትሎ ይመጣል።

የባንኩን ቀን ደግሞ ለብቻው ማየት ያስፈልጋል። ክፍያ መጀመሪያ Pending ተብሎ ይታያል፤ በአብዛኛው ከአንድ እስከ ጥቂት የሥራ ቀናት ቆይቶ ይጸድቃል። ዓርብ በ12 የተጠየቀ ክፍያ ቅዳሜና እሑድን አልፎ ማክሰኞ በ16 ሊመዘገብ ይችላል። በ14 የሰረዘ ሰው ስቴትመንቱ ላይ 16 የሚል ቀን ሲያይ ከሰረዝኩ በኋላ ቆረጡብኝ ይላል፤ ክፍያው የተጠየቀው ግን ከመሰረዙ በፊት ነው። እውነተኛውን ቀን የሚያሳየው ከድርጅቱ በኢሜይል የሚመጣው ደረሰኝ ነው።

ይህ ሁሉ ተጣርቶ ክፍያው ስሕተት ሆኖ ከተገኘ መጀመሪያ ወደ አስከፋዩ መጻፍ ነው፤ የተሰረዘበትን ቀንና የማረጋገጫውን ኢሜይል ወይም የስክሪን ፎቶ አያይዞ። በአፕል የተከፈለ ከሆነ ተመላሽ የሚጠየቀው reportaproblem.apple.com ላይ ነው። አስከፋዩ እምቢ ካለ ወደ ባንክ ይኬዳል፤ በአሜሪካ እዚህ ላይ ክሬዲትና ዴቢት ይለያያሉ።

በክሬዲት ካርድ ለተከፈለ፣ ስሕተቱ ያለበት የመጀመሪያው ስቴትመንት ከተላከ በ60 ቀን ውስጥ ለካርድ ሰጪው በጽሑፍ ማመልከት ይቻላል። ብዙ ባንኮች በስልክና በመተግበሪያም ይቀበላሉ፤ ሕጉ ሙሉ ጥበቃ የሚሰጠው ግን ለጽሑፉ ነው። ካርድ ሰጪው በ30 ቀን ውስጥ ደብዳቤው እንደደረሰው ማሳወቅ፣ ከ90 ቀን ባልበለጠ ጊዜም ጉዳዩን መቋጨት አለበት። እስከዚያ አከራካሪው ገንዘብ አይከፈልም። ከባንክ ሒሳብ በቀጥታ ለሚወሰድ ወርሃዊ ክፍያ ደግሞ፣ ክፍያው ከመድረሱ ቢያንስ ሦስት የሥራ ቀን ቀድሞ ባንኩን እንዲያስቆም ማዘዝ ይቻላል። ባንኩ ለዚህ ሊያስከፍል ይችላል፣ በቃል ለተሰጠ ትእዛዝም በ14 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማረጋገጫ ሊጠይቅ ይችላል። ነገር ግን ክፍያን ማስቆም ውልን ማፍረስ አይደለም። የጂሟ ደንበኛ የጁን 15ን ክፍያ በባንክ ብታስቆም ጂሙ ዕዳውን ለዕዳ ሰብሳቢ ሊሰጥ ይችላል፤ የጁላይ 15ን ብታስቆም ግን ውሉም ፎርሙም ከእሷ ጋር ናቸው።

መሰረዝን እንደ መመዝገብ ቀላል ለማድረግ የንግድ ኮሚሽኑ በኦክቶበር 2024 ያጸደቀው ደንብ ነበር፤ በጁላይ 2025 የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት በአወጣጡ ሥርዓት ጉድለት ሻረው። ከ2010 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የኢንተርኔት ሽያጭ ሕግ ግን አሁንም አለ፤ ኢንተርኔት ላይ በራሱ የሚታደስ ሰብስክሪፕሽን የሚሸጥ ድርጅት ውሉን በግልጽ እንዲያሳውቅና ቀላል የመሰረዣ መንገድ እንዲያዘጋጅ ያዛል። ቀላል መንገድ ቢኖርም ቀኑን የሚቆጥረው ውሉ ነውና፣ ሰብስክሪፕሽን ሲከፈት የእድሳቱ ቀንና የቅድመ ማስታወቂያው ርዝመት ያን ጊዜውኑ ስልክ ላይ ቢመዘገቡ፣ ማስታወሻው መደወል ያለበት ከእድሳቱ ቀን ቅድመ ማስታወቂያው ተቀንሶ፣ በዚያም ላይ ሦስት ቀን ቀደም ብሎ ነው።