መዝገቡና ባንኩ ሲለያዩ

በወር መጨረሻ የአንድ የግንባታ ዕቃ መደብር መዝገብ 412,600 ብር ቀሪ ያሳያል እንበል፤ የባንክ ስቴትመንቱ ግን 398,150 ይላል። የ14,450 ብሩን ልዩነት ለማግኘት ስቴትመንቱን በኤክሴል አውርዶ ከመዝገቡ ጋር በሪፈረንስ ቁጥርና በመጠን ማመሳከር ያስፈልጋል። በሁለቱም ገጾች ሪፈረንሱ B፣ መጠኑ C ዓምድ ላይ ከሆነ በመዝገቡ ገጽ ይህን ይጻፉ፦

```
=COUNTIFS(Bank!B:B,B2,Bank!C:C,C2)
```

0 ከመጣ ያ ሂሳብ ባንኩ ዘንድ የለም ወይም መጠኑ ይለያል። በዚህ መንገድ 4,500 ተብሎ የተመዘገበ ክፍያ በባንኩ 5,400 ሆኖ ተገኘ። የ900 ብር ልዩነት ለ9 ያለ ቀሪ ስለሚካፈል፣ አሃዞች ቦታ መለዋወጣቸውን ይጠቁማል።

ከቀመሩ `Bank!` የሚለው ሲወጣ መዝገቡ ራሱን ይፈትሻል፤ 2 የመጣበት የ13,500 ብር ገቢ ሁለቴ ተጽፏል። ከባንኩ ወደ መዝገቡ ሲመሳከር ደግሞ ያልተመዘገበ የ50 ብር የአገልግሎት ክፍያ ወጣ።

ሦስቱ ሲደመሩ 14,450 ይሞላሉ። ተቀባዩ ገና ያልመነዘረው ቼክ ቢኖር ስህተት ሳይሆን በይደር የሚያዝ ነው። ምክንያቱ ያልታወቀን ልዩነት ግን «ማስተካከያ» ብለው አይዝጉት።